የልጅ ተቅማጥን ለወላጅ በቀላል አማርኛ መጻፍ፦ ለክሊኒክ ባለሙያዎች የአሠራር መመሪያ

ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬም ሆነ ከሞጣ፣ ለታካሚዎቻቸው የጤና ማብራሪያ የሚጽፉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ነው፤ «አቅልዬ ስጽፈው የሚጎድል ነገር አለ። ምንም ሳላጎድል ስጽፈው ደግሞ ሰው አይገባውም። ጥንቃቄ ስጨምርበት ሰው ይፈራል። እንዴት ላድርገው?» መልሱን በጥቅሉ ከመናገር አንድ ርዕስ ይዞ እስከ መጨረሻው መሥራት ይሻላል። ርዕሳችን የልጅ ተቅማጥና የሕይወት አድን ንጥር (ብዙ ሰው ለምለም የሚለው፣ እኛ ኦአርኤስ የምንለው) አሰጣጥ ነው። ይህን የመረጥነው ክረምት ሲገባ በብዛት የሚፈለግ ስለሆነና ስህተቱ ቶሎ ልጅን ስለሚጎዳ ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ክሊኒካችሁ የሚሠራበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ፣ ተቅማጥ ያለበት ገጽ
- ፋርማሲያችሁ አሁን የሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥር ፓኬት እና የዚንክ እንክብል፣ ከነማሸጊያቸው
- መርፌው የወጣለት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ
- ሁለት ሦስት ዓይነት የቡና ሲኒ፣ የሻይ ማንኪያ፣ ባለ ግማሽ፣ ባለ 1 እና ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ
- የጤና ሙያ የሌላቸው ከ3 እስከ 5 አንባቢዎች፤ ቢያንስ አንዷ ትንሽ ልጅ ያላት እናት፣ አንዱ የ5ኛ ወይም የ6ኛ ክፍል ተማሪ
- ቁጥሩን የሚያመሳክር ሁለተኛ ባለሙያ

ተማሪው ለማሟያ የገባ አይደለም። በብዙ ቤት ስልኩን የሚያነበው ተማሪው ልጅ ነው፤ እናቱ የምትሰማው በእሱ ድምፅ ነው። ስለዚህ የምትጽፉት ለዐይን ብቻ ሳይሆን ለጆሮም ነው።

1. አንድ አንባቢና አንድ ውሳኔ ምረጡ

ከወረቀቱ ራስ ላይ ይህን ጻፉ፦ «አንባቢዋ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ያላት እናት ናት። አንብባ ስትጨርስ ልጇን ቤት እያጠጣች እንደምትንከባከብ ወይም አሁኑኑ ይዛው እንደምትሄድ ታውቃለች።» ከዚህ በኋላ የምትጽፉት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለዚህ ውሳኔ ካልጠቀመ ይውጣ። ተቅማጥ የሚያመጡ ተዋህስያን ዓይነት፣ የአንጀት ሥራ፣ የበሽታው ስርጭት ሁሉም እውነት ነው፤ ግን እናቲቱ ሌሊት ላይ ልጇን ታቅፋ አትፈልገውም። ባለሙያ በብዛት የሚሳሳተው በመጉደል ሳይሆን በመትረፍ ነው፤ ዋናው ነገር በተረፈው ውስጥ ይጠፋል።

2. ቁጥሮቹን ለብቻ ሰብስቡ

አንድ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ጽሑፉ ውስጥ የሚገቡትን ቁጥሮች በሌላ ወረቀት ላይ ደርድሩ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የተገኘበትን ገጽ ጻፉ። ለዚህ ርዕስ እነዚህ ይበቃሉ፦

- 1 ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም።
- ባስቀመጠው ቁጥር፣ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ 2 ዓመት ለሞላው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል።
- ካስመለሰው 10 ደቂቃ ተጠብቆ በዝግታ ይቀጥላል።
- ዚንክ በቀን 1 ጊዜ፣ 6 ወር ላልሞላው 10 ሚሊ ግራም፣ 6 ወር ለሞላው 20 ሚሊ ግራም፣ ለ10 ቀን።

ለብቻ የሚሰበሰቡት፣ ዓረፍተ ነገር በተስተካከለ ቁጥር ቁጥር ስለሚሳሳት ነው። «ከ50 እስከ 100» የነበረው በሦስተኛው እርማት «100» ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ጽሑፉ ስላማረ ማንም አያየውም። ወረቀቱ ካለ ግን መጨረሻ ላይ ቁጥር በቁጥር ማመሳከር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አንዳንዱ መመሪያ ዚንክን «ከ10 እስከ 14 ቀን» ይላል። ለወላጅ እንደዚህ አትጻፉ። ክሊኒካችሁ የሚያዝዘውን አንድ ቁጥር ብቻ ጻፉ። ሁለት ቁጥር ያየች እናት የትኛው ቁጥር ለእሷ ልጅ እንደሆነ ማሰብ ትጀምራለች፤ ከዚያም ተቅማጡ በቆመበት ቀን ታቆማለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩን ከመመሪያ ብቻ ወስዳችሁ አትተዉ፤ ፓኬቱንም አንብቡ። ለ1 ሊትር የሚሆነው የተለመደው ፓኬት 20.5 ግራም ይመዝናል፤ ማሸጊያውም ላይ ለስንት ውሃ እንደሆነ ተጽፏል። ፋርማሲያችሁ ያነሰ መጠን ያለው ፓኬት ካስገባ ጽሑፋችሁ በዚያው ቀን ስህተት ይሆናል። እንክብሉንም እንዲሁ ተመልከቱ፤ ባለ 20 ሚሊ ግራም ከሆነ ነው «ግማሽ እንክብል» የሚለው 10 ሚሊ ግራም የሚሆነው።

3. ሚሊ ሊትሩን ወደ ቤት ዕቃ ቀይሩ፤ በግምት ሳይሆን በልክ

ይህ ደረጃ በብዛት ይዘለላል፤ ለእኛ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። «75 ሚሊ ሊትር» ማለት ቤት ውስጥ ምንም ማለት አይደለም። «ትንሽ ትንሽ» ማለትም ለአንዷ አንድ ማንኪያ፣ ለሌላዋ አንድ ብርጭቆ ነው።

ስሪንጁን በውሃ ሙሉና ሲኒው ውስጥ ገልብጡ። ሰው ቡና ሲቀዳ እስከሚያደርስበት፣ ማለትም ከአፉ ትንሽ ዝቅ እስከሚል ድረስ ስንት ጊዜ እንደሞላችሁ ቁጠሩ። 7 ጊዜ ከሆነ ሲኒው 70 ሚሊ ሊትር ይዟል። ከዚያ ሌሎቹን ሲኒዎች ለኩ። ሁሉም ከ50 እስከ 100 ባለው ውስጥ ካረፉ «2 ዓመት ላልሞላው 1 ሲኒ፣ 2 ዓመት ለሞላው 2 ሲኒ» ብላችሁ በድፍረት መጻፍ ትችላላችሁ፤ የሲኒው መጠን ከቤት ቤት ቢለያይም ከልኩ አይወጣም። አንዱ ሲኒ ከ50 በታች ከሆነ በዚያ ሲኒ ማነሱን አውቃችሁ ቃሉን ለውጡ። እዚህ ላይ ማቅለልና ትክክለኛነት አይጣሉም፤ የቤት ዕቃው መመሪያው በፈቀደው ክልል ውስጥ ማረፉን ለክታችሁ አረጋግጣችኋል።

ሊትሩ ግን እንዲህ ሰፊ ክልል የለውም። አንድ ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ እጥፍ ይሆናል፤ ልጁ የበለጠ ይጠማል፣ ደሙ ውስጥ ጨው በዝቶ ከባድ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። በ2 ሊትር ከተበጠበጠ ደግሞ ቀጥኖ የወጣውን ጨው አይተካም። «ሃይላንድ» የሚለው ቃል ብቻውን አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ግማሹም፣ 1 ሊትሩም፣ 2 ሊትሩም ሃይላንድ ነው። «ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀጥሎም «ያለዎት ባለ ግማሽ ሊትር ከሆነ ሁለት ጊዜ ሞልተው ጆግ ውስጥ ይገልብጡ» በሉ። ፓኬቱን ለሁለት ክፈሉ አትበሉ፤ ዱቄቱ እኩል አይከፈልም።

በቤት ውስጥ ጨውና ስኳር ቀላቅሎ ስለመሥራት ከጽሑፉ እንድታስወጡት እንመክራለን። የማንኪያው ሞልቶ መቆለል ብቻ የጨውን መጠን ያዛባል፤ ይህን ደግሞ በጽሑፍ መቆጣጠር አይቻልም። ፓኬቱ እስኪገኝ የጡት ወተት፣ ንጹሕ ውሃ፣ የሩዝ ውሃ ወይም ቀጠን ያለ ሾርባ ማለት ይበቃል።

4. ሁለት ትርጉም ያላቸውን ቃላት ፈልጋችሁ አውጡ

ከባድ ቃል ሁሉ አይጎዳም። አንባቢው ያልገባውን ቃል ሲያገኝ ቢያንስ አለመግባቱን ያውቃል፤ ይጠይቃልም። የሚጎዳው የገባው የሚመስለው ቃል ነው። በዚህ ርዕስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት አሉ።

አንደኛው «ድርቀት» ነው። ለእኛ የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ ነው፤ ለአንባቢው ግን የሆድ ድርቀት፣ ሰገራ እንቢ ማለት ነው። «ተቅማጥ ድርቀት ያመጣል» ብላ ያነበበች እናት ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል ትላለች፣ ወይ ተቅማጡ ሲቆም ድርቀት እንዳይመጣ ብላ ዚንኩን ትተዋለች። «የሰውነቱ ውሃ ያልቃል» በሉ። ከዚያ የሚታየውን ጻፉ፤ ዐይኑ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይዝለፈለፋል።

ሁለተኛው «መንቀጥቀጥ» ነው። በመመሪያው ላይ ካሉት የአደጋ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ነገር ግን በቆላው ወረዳ ወባ የሚያውቅ ሰው «አንቀጠቀጠው» ሲል ብርድ ብርድ አለው ማለቱ ነው። ትርጉሙ ሲምታታ በብርድ የተንዘፈዘፈ ልጅ በሌሊት ይጓዛል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ በእውነት ያንፈራገጠው ልጅ ጋቢ ተደርቦለት ይተኛል። «ዐይኑን ሰቅሎ ሰውነቱ ከተገተረ ወይም ከተንፈራገጠ» ብላችሁ አሳዩት።

የበሽታውን ስም ሰው በሚጠራበት ጥሩ። ርዕሱ ላይ «አጣዳፊ የተቅማጥ በሽታ» ከማለት «ልጅዎን ሲያስቀምጠው» ማለት ይሻላል፤ እናቲቱ ችግሯን የምትገልጸው በዚህ ነው።

5. ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩ፤ ሠሪውንም አሳዩ

የእንግሊዝኛን የንባብ ደረጃ መለኪያ ለአማርኛ አትጠቀሙ። እነዚያ በአብዛኛው የሚቆጥሩት የዓረፍተ ነገሩን ርዝመትና የቃሉን ክፍለ ቃላት ነው፤ አማርኛ ግን «ካላስመለሰው» ባለ አንድ ቃል ውስጥ ማን፣ ማንን፣ ምን እና አሉታን አንድ ላይ ይይዛል። አማርኛን የሚያከብደው ሌላ ነው፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው ከፊት የተደረደረውን ሁሉ በልቡ ይዞ መጠበቅ አለበት። ይህን ተመልከቱ፦

«በተቅማጥ ምክንያት ለድርቀት የተጋለጡ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ፈሳሽን የሚተካ ሕክምና ካልተደረገላቸው በስተቀር ለከፋ የጤና እክል ሊዳረጉ ስለሚችሉ አስፈላጊው ጥንቃቄ ሊደረግላቸው ይገባል።»

23 ቃል ነው። ሐሰት የለበትም፤ ግን ማን ምን ያድርግ የሚለው የለበትም። «ሊደረግላቸው ይገባል» ያለው ለማን ነው? ለእናት? ለሐኪም? «ካልተደረገላቸው በስተቀር» የሚለው ደግሞ አሉታን በአሉታ ላይ ደርቦ ትርጉሙን እስከ መገልበጥ ያደርሰዋል። እንዲህ ይስተካከላል፦

«ልጅዎን ሲያስቀምጠው ከሰውነቱ ውሃና ጨው ይወጣል። የወጣውን ቶሎ ይተኩለት።»

ልክ ለማስያዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሥራ፣ ከ10 ወይም ከ12 ቃል ያልበለጠ፣ ከግሡ በፊት ከአንድ በላይ «የ…የ…» የማይደረደርበት ይሁን። ጥሪውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እርስዎ» አድርጉት። «ስጪው» ያጥራል፤ ግን አባትንና አያትን ያስወጣል።

6. ሰዓት፣ ዕድሜና ቀን የሚሳቱባቸው ቦታዎች

«ከ6 ሰዓት በኋላ» ሲባል አንዱ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ይለዋል፣ ሌላው ስድስት ሰዓት ቆጥሮ። «እስከ 24 ሰዓት ድረስ» የሚለውም በቤት ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ «ዛሬ ጠዋት የበጠበጡትን ነገ ጠዋት ይድፉት» በሉ። ያው ነው፤ ግን ማንም አይስተውም።

ዕድሜን «ከ6 ወር በታች» እና «ከ6 ወር በላይ» ብላችሁ ከከፈላችሁት ልክ 6 ወር የሞላው ልጅ ወደየት ይግባ? «6 ወር ያልሞላው» እና «6 ወር የሞላው» ስትሉ ክፍተቱ ይዘጋል።

የመድኃኒቱ ማብቂያ ቀን የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፓኬቱ ላይ 06/2026 ካለ በእኛ ሰኔ 2018 ላይ ያበቃል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ግን ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። ጽሑፋችሁ ውስጥ «ማብቂያውን በኢትዮጵያ ቀን ፓኬቱ ላይ እንዲጽፍልዎት ባለሙያውን ይጠይቁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ ለፋርማሲያችሁም በእስክርቢቶ እንዲጽፍ ንገሩት።

7. ጥንቃቄውን መድቡ

ከየአንቀጹ በታች «ሐኪም ያማክሩ» ብሎ መጻፍ ጸሐፊውን ከወቀሳ ያድን ይሆናል፤ ልጁን ግን አያድነውም። ሁሉም ነገር «ያማክሩ» ከተባለ የትኛው የሌሊት ጉዞ እንደሚያስፈልገው አይታወቅም። ሁለት ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዛ ለምትመጣ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ ምክንያት አንዴ የመጣች በሁለተኛው ላትመጣ ትችላለች።

ምልክቶቹን በሁለት ክፈሉ፦ «አሁኑኑ» እና «ዛሬውኑ»። እያንዳንዱን በሚታይ ነገር ግለጹ። «አሁኑኑ» የሚለውን ከላይ፣ ከአበጣበጡ በፊት አድርጉት፤ ብዙ ሰው እስከ ታች አያነብም። ከዚያ ጽሑፉ የማይመለከታቸውን ልጆች ለዩ፤ 2 ወር ያልሞላቸው፣ በጣም የከሱ ወይም ሁለቱም እግራቸው ያበጠ። በምግብ እጥረት በከባድ ሁኔታ ለተጎዳ ልጅ የተለመደው ንጥር በተለመደው መጠን አይሰጥም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ሳይሆን በባለሙያ ዐይን መታየት አለበት።

በተጨማሪ ሁለት ጉዳዮች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ንጥሩ ተቅማጥን ያስቆማል ብላችሁ እንዳትጽፉ። አያስቆምም፤ የወጣውን ይተካል። ያስቆማል የተባለች እናት ማታ ላይ እንዳልቆመ ስታይ «አልሠራም» ብላ ትደፋዋለች፤ ልጁ የሚጎዳውም ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው፣ ወላጅ የሚያምንበትን ነገር ለመርታት አትጻፉ። «ጥርስ ማውጣት ተቅማጥ አያመጣም» ብላችሁ ከተከራከራችሁ አንባቢዋ ክርክሩን ይዛ ትቀራለች። «ጥርስ በሚያወጣበት ጊዜም ቢሆን ካስቀመጠው ይስጡት» ስትሉ ግን የምትሠራውን ይዛ ትሄዳለች። ጠበል ለሚወስዱም «ጠበል ሲሄዱም የበጠበጡትን ይዘው ይሂዱ፤ አያቋርጡበት» ማለት ይበቃል። ግግ ማስወጣትን ወይም የወተት ጥርስ ማስነቀልን በተመለከተ ግን በግልጽ «አያስነኩት፤ ይደማል፣ ይመረቅዛል» በሉ፤ እዚህ ላይ መለሳለስ ጉዳት አለው።

8. ጽሑፉ ሲያልቅ ይህን ይመስላል

> ልጅዎን ሲያስቀምጠው
>
> ይህ ጽሑፍ 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ ነው።
>
> ከእነዚህ አንዱን ካዩ አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ሌሊትም ቢሆን፦
> - መጠጣት ወይም ጡት መጥባት አቅቶታል።
> - የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል።
> - ዐይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል።
> - ይዝለፈለፋል፤ ሲቀሰቅሱት አይነቃም።
> - ዐይኑን ሰቅሎ ሰውነቱ ይገተራል ወይም ይንፈራገጣል።
>
> መዋጥ ከቻለ በመንገድም ለምለሙን ጥቂት በጥቂት ይስጡት።
>
> ዛሬውኑ ይዘውት ይምጡ፦ ሰገራው ደም ካለው፣ ካተኮሰው፣ 2 ወር ካልሞላው፣ በጣም ከከሳ ወይም ሁለቱም እግሩ ካበጠ።
>
> ሌላውን ልጅ ቤት እንዲህ ይንከባከቡት። ሲያስቀምጠው ከሰውነቱ ውሃና ጨው ይወጣል። ለምለም የወጣውን ይተካል። ተቅማጡ ወዲያው ላይቆም ይችላል፤ እርስዎ መስጠትዎን ይቀጥሉ።
>
> አበጣበጥ፦ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሙሉ። ያለዎት ባለ ግማሽ ሊትር ከሆነ ሁለት ጊዜ ሞልተው ጆግ ውስጥ ይገልብጡ። 1 ፓኬት ሙሉውን ይጨምሩና ይበጥብጡ። ስኳርም ጨውም አይጨምሩበት። ዛሬ ጠዋት የበጠበጡትን ነገ ጠዋት ይድፉት። ማብቂያውን በኢትዮጵያ ቀን ፓኬቱ ላይ እንዲጽፍልዎት ባለሙያውን ይጠይቁ።
>
> አሰጣጥ፦ ባስቀመጠው ቁጥር፣ 2 ዓመት ላልሞላው 1 የቡና ሲኒ፣ 2 ዓመት ለሞላው 2 የቡና ሲኒ። በማንኪያ በዝግታ ይስጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይጀምሩ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ደጋግመው ያጥቡት። ምግብ የጀመረ ከሆነ ምግቡን አይከልክሉት። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ሻይ አይስጡት።
>
> ዚንክ፦ በቀን 1 ጊዜ። 6 ወር ላልሞላው ግማሽ እንክብል፣ 6 ወር ለሞላው 1 እንክብል። በማንኪያ ላይ በንጹሕ ውሃ ወይም በታለበ የጡት ወተት ያሟሙት። ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይሙሉ።

የጥርስና የጠበል ዓረፍተ ነገሮችን በየአካባቢያችሁ የሚሰማውን አይታችሁ «አሰጣጥ» ከሚለው ሥር ጨምሩ፤ የማይሰማበት ቦታ አታስገቡት። ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ሻይ የተከለከሉት ስኳራቸው በዝቶ ውሃ ወደ አንጀት ስለሚስብ ነው፤ ምክንያቱን አንባቢዋ ከጠየቀች ንገሯት እንጂ ጽሑፉ ውስጥ ቦታ አይውሰድ።

9. በሰው ፈትኑት

«ገባሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ። በይሉኝታ ሁሉም «አዎ፣ ገባኝ» ይላል። ተማሪው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እናቲቱ ትስማ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላችሁ «እታለም፣ ጎረቤትሽ ልጇን አስቀምጦት ብትመጣ ምን ትያታለሽ?» በሏት። ቀጥሎ ፓኬቱንና ሦስቱን ሃይላንድ ፊቷ አድርጉና «እስኪ በጥብጪልኝ» በሉ። ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ አታርሙ። የትኛውን ሃይላንድ አነሳች? ፓኬቱን ሙሉውን ጨመረች ወይስ አስተረፈች? ሲኒውን እስከ የት ቀዳች?

አንባቢው ድምፁ የተንቀራፈፈበትን፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነበበውን መስመር ምልክት አድርጉበት። በአንድ ቦታ ሁለት ሰው ከተደናቀፈ ጽሑፉን ለውጡ። ለሰውየው በቃል ማስረዳት አይበቃም፤ ጽሑፉ ቤት ሲገባ እናንተ አብራችሁት አትሄዱም። ከለወጣችሁ በኋላ ከዚህ በፊት ያላዩት ሌላ ሰው ያንብበው፤ የመጀመሪያዎቹ ቃሉን ሳይሆን እናንተን እያስታወሱ ይመልሳሉ።

10. አመሳክሩ፣ ቀን ጻፉበት

ሁለተኛው ባለሙያ በመጀመሪያ ጽሑፉን ሳይሆን የቁጥሩን ወረቀት ይያዝ፤ እያንዳንዱን ቁጥር በጽሑፉ ውስጥ እየፈለገ ምልክት ያድርግ። ውበቱን እያነበበ ከጀመረ ቁጥሩን ያልፈዋል። መጨረሻ ላይ ያመሳከረው ሰው ሙያና ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ፤ ከሥሩም እንደገና የሚታይበት ቀን። ፋርማሲው የፓኬቱን ወይም የእንክብሉን ዓይነት በለወጠ ጊዜ ያ ቀን ባይደርስም ይታይ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

*ጽሑፉን ስታሳጥሩ የአደጋ ምልክቱን መቀነስ።* ቦታ ከጠበበ ዚንኩን ወደ ሁለተኛ ጽሑፍ አውጡት እንጂ ከአምስቱ ምልክቶች አንዱንም አትንኩ።

*ያለ ትእዛዝ የሚገዙ መድኃኒቶችን በስም መዘርዘር።* «ሜትሮኒዳዞል አይስጡ» ብሎ መጻፍ ስሙን ለማያውቀው ሰው ማስተዋወቅ ይሆናል። «ባለሙያ ያላዘዘውን ተቅማጥ ማቆሚያ ወይም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይስጡት» በቂ ነው።

*ሚሊ ሊትርና ሲኒ ጎን ለጎን ማስቀመጥ።* ለትክክለኛነት ተብሎ «1 ሲኒ (ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር)» ይጻፋል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰሚዋ ሦስት ቁጥር ትሰማና «50 ሲኒ?» ብላ ትጠይቃለች። ሚሊ ሊትሩ በቁጥር ወረቀታችሁ ላይ ይቀመጥ፤ እዚያ ነው ሥራው።